ፍሪሲዮን ስትሉ የትኛውን ማለታችሁ ነው?

አዲስ ሠልጣኝ ወደ ወርክሾፕ ሲገባ የሚሰማው የመጀመሪያ ንግግር አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሰዓት ማክበር፣ ስለ ቱታና ስለ ደህንነት ጫማ፣ መሣሪያን ወደ ቦታው ስለመመለስ ነው። አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ፣ በአውቶ መካኒክ ክፍል የሰማሁት ንግግር ግን በሌላ መንገድ ጀመረ። አሠልጣኙ ዕድሜያቸውን በጋራዥ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ከፊታቸው ባለው የሥራ ጠረጴዛ ላይ የተፈታ ፍሪሲዮን በትነዋል፤ አጠገቡ ፎቶ ኮፒ ተደርገው በሽቦ የተጠረዙ ቀጫጭን ጥራዞች ተደርድረዋል።

«እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ልጆች» አሉ። «ጋራዥ ውሎ የሚያውቅ እጁን ያውጣ።» ብዙ እጅ ወጣ። «ጎበዝ። እንግዲህ ፍሪሲዮን የቱ ነው? ኑና አሳዩኝ።»

አንዱ ልጅ ቀደም ብሎ ክቡን ዲስክ አነሳ። አንዲት ሠልጣኝ «እሱማ ሸራው ነው፤ ፍሪሲዮን ይሄ ነው» ብላ ከባዱን ፕሌት ጠቆመች። ሌላው «መምህር፣ በእግር የሚረገጠው አይደለም እንዴ?» አለ። አሠልጣኙ ሁሉንም በጥሞና ሰሙና «ሦስታችሁም ልክ ናችሁ። ጋራዥ ውስጥ ሦስቱም ፍሪሲዮን ይባላል። አምራቹ ባሳተመው የጥገና መጽሐፍ ላይ ግን ሦስቱ ሦስት ስም፣ ሦስት ቁጥር፣ ሦስት ዋጋ አላቸው። ይህች ጥራዝ የተዘጋጀችው ለዚህ ነው» አሉ።

ጥራዟ የሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃል ናት፤ በአንድ በኩል የጋራዥ አማርኛ፣ በሌላ በኩል የጥገና መጽሐፍ እንግሊዝኛ። የሠልጣኙ ችግር የሚመጣው በሁለቱ መካከል ስለሚኖር ነው። ሥራውን የሚማረው በጋራዥ ቃል ነው፤ ልኩን የሚያነበው፣ የብቃት ምዘና የሚፈተነውና ከአምራቹ ዕቃ የሚያዝዘው ግን በእንግሊዝኛ ነው።

የጋራዡ ቃል ከየት እንደመጣ አሠልጣኙ ሳይነግሯቸው አላለፉም። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ቴስታታ፣ ባልቦላ፣ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ጎማ፣ ብሎን፣ እነዚህ ሁሉ ከጣልያንኛ የተወረሱ ናቸው። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሪቱን በያዘበት ጊዜ የጭነት መኪናው፣ ጋራዡና መካኒኩ በብዛት ከዚያው የመጡ ነበሩ። ከነፃነት በኋላም የጣልያን መኪኖች በመንገዶቻችን ላይ ቆይተዋል፤ የፊያት ኤን 3 የጭነት መኪና እስከ ዛሬ «ኤንትሬ» የሚባለው ቁጥሩ ራሱ በጣልያንኛ ስለተጠራ ነው። አያቶቻችን በእነዚህ ቃላት ሞተር ፈትተው ገጥመዋል። ስለዚህ አሠልጣኙ «ፍሪሲዮን አትበሉ፣ ክላች በሉ» አላሉም። እኔም በዚህ ከእሳቸው ጋር ነኝ። ከዋናው መካኒክ ሥር ለሥራ ልምምድ የሚወጣ ልጅ የጋራዡን ቃል ካላወቀ የተጠየቀውን ቁልፍ እንኳ ማቀበል አይችልም።

ችግሩ ያለው በሌላ ቦታ ነው። የጋራዥ ቃል የተወለደው ዕቃው በእጅ እየተያዘ፣ በጣት እየተጠቆመ ነው። ሁለት ሰዎች ከአንድ መኪና ሥር ተኝተው «ኩሽኔታውን አቀብለኝ» ሲባባሉ የትኛው እንደሆነ ያያሉ። ያ ቃል ከመኪናው ሥር ወጥቶ ወደ ሶማሌ ተራ የዕቃ መደብር ሲላክ፣ ወይም ወደ መጽሐፍ ማውጫ ሲወሰድ ግን የሚጠቁም ጣት አብሮት አይሄድም።

አሠልጣኙ ከዚህ በኋላ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እያነሱ ስማቸውን ከሥራቸው ጋር አስተዋወቁ። ከሞተሩ ጀርባ፣ ከክራንኩ ጫፍ ጋር የታሰረው ከባድ ክብ ብረት ቮላኖ ነው፤ መጽሐፉ ፍላይዊል ይለዋል። ሞተሩ እስከሠራ ድረስ እሱም ይዞራል። ዲስኩ በሁለቱም ፊቱ ሸራ በሪቬት የተመታበት ሲሆን፣ መሐሉ ላይ ያለው ጥርስ ወደ ካምቢዮው በሚገባው ዘንግ ላይ ይሰካል። ፕሬሸር ፕሌት ከቮላኖው ጋር በብሎን ይታሰርና በስፕሪንጉ ኃይል ዲስኩን ቮላኖው ላይ ይጫነዋል። ሦስቱ ተጫጭነው ሲያዙ የሞተሩ ዙር ወደ ካምቢዮ ያልፋል። ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሪሲዮን ኩሽኔታው ወደ ፊት ሄዶ የፕሬሸር ፕሌቱን ስፕሪንግ ይገፋል፤ ጫናው ይነሳል፤ ዲስኩ ነፃ ይሆናል፤ ማርሽ መቀየር ይቻላል።

«አሁን ባለመኪናው መጣና ‹ፍሪሲዮኑ ተበላሽቷል› አላችሁ እንበል» አሉ። «ይህ ምንም አልነገራችሁም። ይንሸራተታል ወይስ አይለቅም? መጀመሪያ ይህን ለዩ።»

የሚንሸራተት ፍሪሲዮን መያዝ ያቃተው ነው። ዳገት ላይ በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲሰጠው የሞተሩ ድምፅ ይጨምራል፣ መኪናው ግን አይጨምርም፤ የተቃጠለ ሽታም ይመጣል። ሸራው አልቆ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከክራንኩ ጀርባ ያለው የዘይት ማገጃ አፍስሶ ሸራውን አርሶት ይሆናል። የማይለቅ ፍሪሲዮን ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ፔዳሉ እስከ ወለል ተረግጦም ዲስኩ ከቮላኖው ጋር መዞሩን አያቆምም። ሞተሩ በዝግታ እየሠራ ፔዳሉን ረግጦ ጥቂት ሰከንድ ታግሶ የኋላ ማርሽ ማስገባት ነው፤ ከተንኮሻኮሸ አልለቀቀም ማለት ነው። መጽሐፉ ለሁለቱ ብልሽቶች ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉት፤ የመጀመሪያውን ስሊፕ፣ ሁለተኛውን ድራግ ይለዋል። በብልሽት ፍለጋ ሠንጠረዡ ውስጥም የሚገኙት በተለያየ ረድፍ ነው፤ አንዱን ይዞ የሌላውን ረድፍ የተከተለ ሰው ጤነኛውን ዕቃ ይለውጣል።

የኩሽኔታው ነገር ከዚህም ይጠብቃል። ፔዳሉ ሲረገጥ የሚመጣና ሲለቀቅ የሚጠፋ ጩኸት ብዙ ጊዜ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ነው፤ በመጽሐፉ ሪሊዝ ቤሪንግ። ፔዳሉ ሳይነካ የሚሰማና ሲረገጥ የሚጠፋ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ካምቢዮው የመግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ይዞራል። ሁለቱም በጋራዡ አፍ «ኩሽኔታ» ናቸው። የፊተኛው ካምቢዮ ወርዶ በቀላሉ ይለወጣል፤ የኋለኛው ግን ካምቢዮውን ራሱን መፍታት ይጠይቃል፤ ለባለመኪናው የሚነገረውም ዋጋ በዚያው ልክ ይለያያል።

መዝገበ ቃሉ የተሠራበት መንገድ እዚህ ላይ ትርጉም ያገኛል። እንደ ተለመደው መዝገበ ቃላት በፊደል ተራ አልተደረደረም፤ በመፍታት ተራ ነው። ካምቢዮው እንዲወርድ ከሚላቀቀው ነገር ይጀምርና ዕቃው በሚገኝበት ቅደም ተከተል ወደ ውስጥ ይዘልቃል። አራት ዓምዶች አሉት። በመጀመሪያው የጋራዡ ቃል፣ በሁለተኛው የመጽሐፉ እንግሊዝኛ ከነአነባበቡ በፊደላችን ተጽፏል። ሦስተኛው ዕቃው ምን እንደሚሠራ፣ ከምን ጋር እንደሚነካካ፣ ፊቱ ወደ የት እንደሚሆን ይናገራል። አራተኛው ባዶ ነው። ሠልጣኙ ዕቃውን ራሱ ይዞ ከለካ በኋላ የለካውን ይጽፍበታል። አሠልጣኙ «አራተኛው ዓምድ ባዶ የሆነበትን ቃል አውቀዋለሁ እንዳትሉኝ» ሲሉ ድምፃቸው ጠንከር አለ።

የሦስተኛው ዓምድ ጥቅም በደንብ የገባኝ ስለ አንድ ሚኒባስ ሲተርኩ ነው። መኪናው ሌላ ቦታ አዲስ ዲስክ ተገጥሞለት በማግሥቱ ወደ እነሱ የመጣ የቶዮታ ታክሲ ነበር። ቅሬታው አንደኛ ማርሽ አለመግባቱ ነው፤ ሲገባም በመንኮሻኮሽ። ሾፌሩ «አዲስ ፍሪሲዮን አስገብቼ እንዴት?» እያለ ይማረራል።

የኋላ ማርሽ ፈተናው ተደረገ፤ አይለቅም። መጀመሪያ የዘይቱ ማጠራቀሚያ ታየ፤ ሙሉ ነበር። ከዚያ በቱቦው ውስጥ አየር ሊኖር ይችላል ተብሎ አንዱ ፔዳል እየረገጠ ሌላው ከታች ማስተንፈሻውን እየከፈተ አየር የማስወጣት ሥራ ተሠራ፤ ለውጥ የለም። ቀጥሎ አንድ ሰው ከመኪናው ሥር ገብቶ ፔዳሉ ሲረገጥ በካምቢዮው ጎን ያለው ትንሹ ፖምፓ ሹካውን መግፋት አለመግፋቱን ተመለከተ፤ በደንብ ይገፋል። እንግዲህ ከውጭ ያለው ሁሉ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ውስጥ ነው። ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚወስደው ዘንግ ተፈታ፣ ካምቢዮው ወረደ፣ ፕሬሸር ፕሌቱ ተነሳ።

ዲስኩ አዲስ ነው፤ ሸራውም አልተነካም። ነገር ግን የመሐሉ ስፕሪንጎች ያሉበት ወፍራም ክፍል ወደ ቮላኖው ዞሯል፤ ቮላኖውን ከክራንኩ ጋር የሚያስሩት የብሎን ራሶችም ብረቱን ፍቀው አብረቅርቀውታል። ዲስኩ ተገልብጦ ነው የተገጠመው። ፔዳሉ ተረግጦ ጫናው ሲነሳ እንኳ መሐሉ ከብሎኖቹ ጋር ስለሚፋተግ ከቮላኖው ጋር መዞሩን ይቀጥል ነበር። በካምቢዮው በኩል በሚታየው ፊቱ ላይ ደግሞ አምራቹ «ፍላይዊል ሳይድ» ብሎ አትሞበታል፤ ይህ ፊት ወደ ቮላኖ ይሁን ማለት ነው። የገጠመው ሰው በእጁ የያዘውን ጽሑፍ አላነበበውም፣ ወይም ቢያነብም ፍላይዊል ማለት የሱ ቮላኖ መሆኑን አላወቀም። ዲስኩ ተገልብጦ በትክክለኛው ፊቱ ተገጠመ፤ መኪናው ሳይንኮሻኮሽ ሄደ። ለሾፌሩ ግን ካምቢዮ ሁለት ጊዜ የወረደበት ዋጋ፣ ሥራ የተፈታባቸው ቀናትም አሉ።

ለዚህ ነው በጥራዙ «ዲስክ» በሚለው ረድፍ ሦስተኛው ዓምድ «ወፍራሙ መሐል ወደ ካምቢዮ፤ ጽሑፉ እንደሚለው ግጠም» የሚለው። ተራ መዝገበ ቃላት ቢሆን ኖሮ ፍላይዊልን «ዘዋሪ ጎማ» ብሎ ሊተረጉመው ይችል ነበር። በቋንቋ ሊቃውንት የተዘጋጀው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ለትምህርት የሚሆኑ ብዙ ጠቃሚ ስያሜዎችን አበርክቷል፤ ክብር ይገባዋል። የወርክሾፕ መዝገበ ቃል ግን ከትርጉም አልፎ ለእጅ ትእዛዝ መስጠት አለበት።

አሠልጣኙ ሸራው አለቀ ወይም አላለቀም የሚባለውም በዓይን ግምት እንዳልሆነ አሳዩ። የካሊፐሩን የጥልቀት ጭራ ከሸራው ፊት ወደ ሪቬቱ ራስ አወረዱ። በብዙ የቶዮታ የጥገና መጽሐፎች ሪቬቱ ከሸራው ፊት ቢያንስ 0.3 ሚሊሜትር ጠልቆ መገኘት አለበት። ከዚያ ካነሰ ሸራው ትንሽ እንደተበላ ሪቬቱ ቮላኖውንና ፕሬሸር ፕሌቱን ይቧጥጣል፤ በዲስክ ዋጋ የሚያልቀው ጥገና ቮላኖ እስከማስላግ ይደርሳል። ልኩ በመጽሐፉ የተቀመጠው «ሚኒመም ሪቬት ዴፕዝ» በሚል ርዕስ ነው። ሚኒመም የሚለው ከዚህ አይነስ ማለት መሆኑን ያልያዘ ሠልጣኝ ቁጥሩን እንደ ጣሪያ ወስዶ 0.2 ሲያገኝ «አልፏል» ብሎ ይጽፋል። አሠልጣኙ በፈተና ወረቀት ላይ ደጋግመው የሚያገኙት ስሕተት ይህ እንደሆነ ተናገሩ።

ከዚያ ወደ አንድ ገጽ አለፉ፤ እኔ ራሴ ከጥራዙ ሁሉ ይበልጥ ዋጋ ያለው የምለው ገጽ ነው። ለአንድ ብሎን መጽሐፉ ሦስት ቁጥር ይሰጣል። ለብዙ ቶዮታዎች የፕሬሸር ፕሌት ብሎን ማጥበቂያ 19፣ 195 እና 14 ተብሎ ጎን ለጎን ተጽፎ ይገኛል። ሦስቱም አንድ ኃይል ናቸው፤ የመጀመሪያው በኒውተን ሜትር፣ ሁለተኛው በኪሎግራም ኃይል ሴንቲሜትር፣ ሦስተኛው በፉት ፓውንድ። መጽሐፉ መለኪያዎቹን በጥቃቅን ምሕፃረ ቃል ስለሚጽፋቸው ዓይን የሚያርፈው ቁጥሩ ላይ ነው።

አሠልጣኙ አንዱን ልጅ አስነሱ። «በእጅህ ያለው ቶርክ ሬንች በኒውተን ሜትር የተቆረጠ ነው። መጽሐፉ 195 ይላል። ስንት ላይ ታደርገዋለህ?»

«195 ላይ፣ መምህር።»

«ብሎኑ ባለ 8 ሚሊሜትር ነው። ከዚያ ሩቡ ጋ ሳትደርስ ሊላላ ወይም ሊቆረጥ ይችላል፤ ግማሹም ቮላኖው ውስጥ ይቀራል። የመሣሪያህን ጽሑፍ አንብብ፣ ከመጽሐፉ ምሕፃረ ቃል ጋር አመሳክር፣ ከዚያ 19 ላይ አድርገህ ብሎኖቹን ፊት ለፊት እያቀያየርክ ጥቂት በጥቂቱ አጥብቅ።» ልጁ ጥራዙን ገልጦ ምሕፃረ ቃሎቹን በጣቱ ሲከተል አየሁት። ፊት ለፊት እያቀያየሩ ማጥበቅ ለምን እንዳስፈለገ የጠየቀችው ሠልጣኝ ናት፤ መልሱ አጭር ነበር። በአንድ ወገን ብቻ ከጠበቀ ሽፋኑ ይጣመምና ጫናው በዲስኩ ላይ እኩል አያርፍም።

ስለ ማስጠንቀቂያ ቃላት የተናገሩትም ሊዘለል አይገባም። እንግሊዝኛ መጽሐፎች በየገጹ በደማቁ የሚጽፏቸው ቃላት አሉ፤ ወደ አማርኛ ስንመልሳቸው ሁሉንም «ማስጠንቀቂያ» ወይም «ማሳሰቢያ» እንላቸውና ልዩነታቸው ይጠፋል። በቶዮታ የቆዩ የጥገና መጽሐፎች ኮሽን ሰው ሊጎዳ ይችላል ማለት ነው፤ ኖቲስ ደግሞ ዕቃው ሊበላሽ ይችላል። ሌሎች አምራቾች በሰው ላይ ለሚደርሰው ከባድ አደጋ ዋርኒንግን ይጠቀማሉ። ጥራዙ ስለዚህ በስያሜ አልተጨነቀም፤ አንዱን «ሰው ይጎዳል»፣ ሌላውን «ዕቃ ይበላሻል» ብሎ ጽፎ፣ የእያንዳንዱ አምራች መጽሐፍ መግቢያ እንዲነበብ ያዛል። የቃሉ ፍቺ እዚያ ተጽፎ ይገኛልና።

ጥራዙ የማይችለውንም አሠልጣኙ አልደበቁም። የጋራዥ ቃል ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ እዚህ በአንድ ስም የሚጠራው ዕቃ ሌላ ከተማ በሌላ ስም ሊጠራ ይችላል። የእንግሊዝኛው አነባበብም በፊደላችን ሲጻፍ ጠንቃቃ ካልተሆነ ይሳታል፤ ስለዚህ ሠልጣኙ ቃሉን ጽሑፉን አይቶ እንዲለየው እንጂ ሰምቶ ብቻ እንዲይዘው አይበረታታም። ዕቃ ለመግዛት ሲላክም ጥራዙ ብቻውን አይበቃም፤ የመኪናው የሻንሲ ቁጥርና የሞተሩ ዓይነት ተጽፎ፣ ከተቻለም አሮጌው ዕቃ በእጅ ተይዞ ይሄዳል። በስሙ አንድ የሆነ ዲስክ በዙሪያው ስፋትና በመሐሉ ጥርስ ብዛት ይለያያልና።

ወደ ማብቂያው አንድ ሠልጣኝ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ግን ፍሪሲዮን የለም አይደል? ታዲያ ይህን ሁሉ ለምን እንማራለን?» አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በከተማው በየቀኑ ይታያል። አሠልጣኙ በቅድሚያ ነባሩ መኪና ገና ብዙ ዓመት በጋራዥ ደጃፍ እንደሚቆም አስረዱ፤ ከዚያ የጥራዙን የመጨረሻ ገጾች አስከፈቱ። እዚያ የመጀመሪያው ዓምድ ባዶ ነው። እንግሊዝኛው አለ፣ ሥራው ተብራርቷል፤ የጋራዥ ቃል ግን ገና አልተወለደም።

ከእነዚህ አንዱን ብቻ አነበቡላቸው። ብርቱካናማ ሽፋን ያለው ገመድ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሄድበት ነው። ከመነካቱ በፊት መኪናው ይጠፋል፣ ሰርቪስ ፕላግ የሚባለው መነቀያ በኤሌክትሪክ ጓንት ይወጣል፣ ከዚያም በአምራቹ መጽሐፍ የተወሰነው ጊዜ ይጠበቃል፤ በብዙ የቶዮታ ሃይብሪዶች ይህ 10 ደቂቃ ነው። ባትሪው ቢለያይም በውስጥ ያሉት ኮንደንሰሮች ኃይል ይዘው ስለሚቆዩ ነው። ከዚያም በኋላ ቮልቴጅ አለመኖሩ በሜትር ይረጋገጣል።

«ለዚህ ገመድ እናንተ ስም ታወጡለታላችሁ» አሉ። «የምታወጡትን ስም ግን መጀመሪያ አምጡልኝ። ያልሰለጠነ ረዳት ያን ስም ሰምቶ እጁን እንዲሰበስብ የሚያደርግ መሆኑን አብረን እናያለን።» ከዚያም ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ ጥራዝና አንድ አሮጌ ዲስክ አደሉ፤ የሪቬቱን ጥልቀት በስድስት ቦታ ለክተው፣ ትንሹን ቁጥር በአራተኛው ዓምድ እንዲጽፉ አዘዙና ካሊፐሮቹን ከመሳቢያው አወጡ።